ከቆጣሪ እስከ ሮቶ፦ ጅማ ላይ የትኛውን ቧንቧ እንቅበር?

ጅሬን ዳገት ላይ ያለ አንድ ግቢ ውስጥ የቆየ የብረት ቧንቧ ቆፍረን አወጣን። ግማሽ ኢንች ነው። የቤቱ ባለቤት ጋሼ "ልጄ፣ ችግሩ ከመንገዱ ነው፣ የኔ ቧንቧ ደህና ነው" ብለውኝ ነበር። እኔም አልተከራከርኩም። በሴጌቶ አንድ ስንዝር ቆርጬ ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃኑ አዙረው በአንድ ዓይናቸው አዩበት፣ ከዚያ ዝም አሉ። ከውጭ ሲታይ ቧንቧ ነው፣ ከውስጥ ግን ዝገቱ የጀበና ውስጥ አተላ መስሎ ተጋግሮ፣ መሃሉ ላይ እስክሪብቶ እንኳ የማያስገባ ቀዳዳ ቀርቷል። ስንት ዓመት ሙሉ ውሃ የለም ብለው ሲያማርሩ የከረሙት ለዚህ ነው።

ሰው ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ ያው ነው፦ ብረት ይሻላል፣ ፒቪሲ ወይስ ጥቁሩ ጥቅል ቧንቧ? እኔ ደግሞ "የት ላይ የሚገባ?" ብዬ መልሼ እጠይቃለሁ። መሬት ውስጥ የሚቀበረው ሌላ፣ ግድግዳ ላይ የሚወጣው ሌላ ነው። እዚህ የምጽፈው ስለ አንድ መስመር ብቻ ነው። ከቆጣሪው ተነስቶ ግቢውን አቋርጦ ሮቶው ላይ ስለሚወጣው። ብዙ ገንዘብና ብዙ ንዴት የሚጠፋው እሱ ላይ ስለሆነ።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ የምትቸኩሉ እንዳትደክሙ። የሚቀበረውን በጥቁሩ ፖሊኢትሊን፣ መሃሉ ላይ አንድም መገጣጠሚያ ሳይኖር። ከመሬት በላይ የሚቆመውን በጋልቫናይዝድ ብረት። ፒቪሲ ደግሞ ቦታው ጠባብ ነው፣ እሱን በኋላ እነግራችኋለሁ።

1. መጀመሪያ ውሃውን እወቁት

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ነገር ለኩ። አንዱ ግፊት ነው። ማኖሜትር ያለው የቧንቧ ሠራተኛ ካለ ቆጣሪው አጠገብ ያለችው ቧንቧ ላይ ያስርላችሁ፣ ሌላውን ሁሉ ዘግታችሁ። ቀን አንዴ፣ ሌሊት አንዴ። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ያስገርማል። ቆጪ ወይም መርካቶ አካባቢ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ያለ ቤትና ዳገት ላይ ያለ ቤት አንድ ዓይነት ግፊት አያገኙም፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ይበላል። ይህቺን ቁጥር ያዟት፣ ቀጥሎ ታስፈልጋለች።

ሁለተኛው ከቆጣሪው እስከ ሮቶው አፍ ያለው ርቀትና ከፍታ ነው። ርቀቱን በሜትር፣ ከፍታውን ደግሞ ውሃ በሞላ ግልጽ ጎማ ለኩት። ግንበኛ ሁሉ አለው። የሮቶው ማማ 3 ሜትር ነው ብላችሁ ብቻ አትቁሙ፣ መሬቱም ራሱ ይወጣል።

የጋሼ ግቢ ላይ ያገኘነው ይኸውላችሁ። ከቆጣሪ እስከ ሮቶው 42 ሜትር ቧንቧ። መሬቱ 4 ሜትር ይወጣል፣ ማማው 3 ሜትር። ጠቅላላ 7 ሜትር። ግፊቱ ቀን ላይ 0.9 ባር፣ ማለትም 9 ሜትር። 9 ሲቀነስ 7፣ 2 ሜትር ተረፈ። ውሃው 42 ሜትር ቧንቧ ውስጥ እየተፋተገ የሚሄደው በዚህች 2 ሜትር ነው። ሌላ የሚገፋው ነገር የለም።

2. ስፋቱን በውስጡ ምረጡ፣ በስሙ አይደለም

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። ብረት በኢንች ይጠራል፣ ስሙም በግምት የውስጡን ስፋት ይነግራችኋል። ጥቁሩ ቧንቧና ፒቪሲ ግን በሚሊ ሜትር ይጠራሉ፣ ቁጥሩም የውጭውን ነው። ስለዚህ ባለ 20 ሚሊ ፖሊኢትሊን ስታዩ "20 ሚሊ ማለት ሶስት አራተኛ ኢንች ነው" ብላችሁ ካሰባችሁ ተሳስታችኋል። ግድግዳው 2 ሚሊ ከሆነ ውስጡ 16 ሚሊ ብቻ ነው፣ እሱም ከግማሽ ኢንች ብረት ጋር እኩል ነው። የሶስት አራተኛ ኢንች ወንድም 25 ሚሊው ነው፣ የአንድ ኢንች ደግሞ 32 ሚሊው።

አሁን ወደ ጋሼ 2 ሜትር እንመለስ። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፣ ቆጣሪውና መገጣጠሚያዎቹ የሚበሉትን ሳልጨምር። በ25 ሚሊ ፖሊኢትሊን በደቂቃ 17 ሊትር አካባቢ ይመጣል፣ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ በአንድ ሰዓት ገደማ ይሞላል። በ20 ሚሊው በደቂቃ 9 ሊትር፣ ሮቶው ሁለት ሰዓት ሊሞላው ነው። ግማሽ ኢንች ብረት ደግሞ ገና ሳይዘጋ፣ ውስጡ በዝገት ሻክሮ ብቻ፣ በደቂቃ 5 ሊትር። ከሦስት ሰዓት በላይ። ውሃ በተራ ለሚመጣበት ሰፈር ይህ ልዩነት ሮቶው ሞላ ወይስ አልሞላም የሚለው ነው። ውሃው በሁለት ሰዓት ውስጥ ከሄደ ባለ ግማሽ ኢንቹ ጎረቤት ግማሽ ሮቶ ይዞ ይቀራል፣ ከዚያ ጀሪካን ይዞ ወደናንተ ይመጣል።

ይህን ስነግራቸው ጋሼ "ታዲያ 32 እናድርገው አይሻልም?" አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ይሻል ነበር፣ ግን ቆጣሪያቸው ባለ ግማሽ ኢንች ነው። ቆጣሪው አንገቱን ካጠበበው በኋላ ቧንቧውን እያሰፉ መሄድ ትርፉ እየቀነሰ፣ ወጪው እየጨመረ ይመጣል። ርቀቱ 80 እና 100 ሜትር ቢሆን ግን 32 ነበር የምላቸው።

3. ለምን ብረት አይቀበርም?

የጅማን አፈር የቆፈረ ያውቀዋል። ቀይ ነው፣ ተጣባቂ ነው፣ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ እርጥብ ነው፣ አሲዳማም ነው። ዝናቡ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ከፀሐዩ ወራት በስተቀር ቧንቧው ጭቃ ውስጥ ነው የሚኖረው ማለት ይቻላል። ጋልቫናይዝድ ላይ ያለችው የዚንክ ሽፋን ደግሞ ቀጭን ናት፣ እንዲህ ባለ አፈር ውስጥ ቀስ በቀስ ታልቃለች።

ግን ብረቱ በመላ አካሉ ከማለቁ በፊት ጥርሱ ላይ ነው የሚሞተው። ይህን በዓይኔ ደጋግሜ አይቻለሁ። ቧንቧውን ለማገናኘት ጫፉ ላይ ጥርስ ይወጣለታል፣ ጥርሱ ሲወጣ ዚንኩ ተቆርጦ ይሄዳል፣ ብረቱም ራቁቱን ይቀራል። በዚያ ላይ ይሳሳል። የግማሽ ኢንች መካከለኛ ቧንቧ ግድግዳ 2.6 ሚሊ ነው፣ ጥርሱ ከዚያ ላይ 1.2 ሚሊ ያህል ይበላል። ቀላል የሚባለውን ባለ 2 ሚሊውን ከገዛችሁ ጥርሱ ሥር የሚቀራችሁ ከ1 ሚሊ በታች ነው፣ እሱም እርጥብ ጭቃ ውስጥ። ብረት የሚመጣው በ6 ሜትር ቁራጭ ስለሆነ ለ42 ሜትር መሬት ውስጥ ቢያንስ 6 ቦታ ትገናኛላችሁ። 6 መገናኛ፣ 12 ጥርስ።

ውሃው በተራ መምጣቱ ደግሞ ያባብሰዋል። ቧንቧው ሲሞላ፣ ሲደርቅ፣ አየር ሲገባበት፣ ደግሞ ሲሞላ፣ ውስጡ ከሁልጊዜ ሙሉ ቧንቧ በበለጠ ይዝጋል። ውሃ ከሄደ በኋላ ተመልሶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወጣው ቀይ ውሃ ብዙ ጊዜ የዚሁ ውጤት ነው። ሌላም የማይታይ ነገር አለ። መስመሩ ሲደርቅ ውስጡ መሳብ ሊጀምር ይችላል። የምታፈስ መገናኛ ካለች ደግሞ ያን ጊዜ ዙሪያዋ ያለውን ጭቃ ውሃ ወደ ውስጥ ታስገባለች። መጸዳጃው ጉድጓድ የት እንዳለ አስቡት። መሬት ውስጥ መገናኛ ያልፈለግኩት በዋናነት ለዚህ ነው፣ ለብረት ብቻ ሳይሆን ለፒቪሲም የሚሠራ ምክንያት ነው።

4. ጥቁሩን ቧንቧ ስትገዙ

ጥቅልል ሆኖ ነው የሚሸጠው፣ 50 ወይም 100 ሜትር። ጀርባው ላይ ሰማያዊ መስመር ያለውን ፈልጉ፣ የመጠጥ ውሃ ምልክት ነው። ከዚያ ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። የቁሱ ዓይነት ፒኢ 80 ወይም ፒኢ 100፣ የውጭ ስፋቱና የግድግዳው ውፍረት፣ ደግሞ ፒኤን የሚለው። ፒኤን 10 ማለት በ20 ዲግሪ ሙቀት ላይ 10 ባር፣ ፒኤን 16 ማለት 16 ባር ይችላል ማለት ነው። ቤታችሁ 10 ባር አያይም፣ ግን ለ25 ሚሊ እኔ ሁሌም 16ቱን ነው የማስገዛው። ግፊቱን ፈርቼ አይደለም። ግድግዳው 2.3 ሚሊ ስለሆነ በነት የሚጠብቀው ማገናኛ፣ ኮምፕሬሽን ፊቲንጉ፣ አጥብቆ ይነክሰዋል፣ ስታጥፉትም ቶሎ አይሰበርም። ቀጭኑ ሲታጠፍ እንደ ገለባ ይታጠፋል፣ የታጠፈበትም ቦታ ሁሌ ደካማ ነው።

ምንም ያልተጻፈበት ጥቅል ካቀረቡላችሁ ተዉት። የኤሌክትሪክ ገመድ ማስገቢያም፣ የመስኖ ጎማም ጥቁር ነው፣ ከሩቅ ሁሉም አንድ ይመስላል።

አንዲት ቀላል ፈተና አለች። ከጫፉ የጣት ያህል ቁራጭ አስቆርጡና ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጣሉት። ንጹሕ ፖሊኢትሊን ከውሃ ይቀላል፣ ስለዚህ ይንሳፈፋል። ከሰመጠ ውስጡ ሌላ ነገር ተቀላቅሎበታል ማለት ነው። ሌላዋ፦ የተቆረጠውን ፊት እዩት፣ ውፍረቱ ዙሪያውን እኩል ነው? ጉድጓድ ጉድጓድ ያለበት፣ አንዱ ጎን ቀጭን የሆነ ቧንቧ አትውሰዱ። ባለ ሱቁ ይሳቅባችሁ፣ ግድ የለም። እኔን ስቀውብኛል፣ አሁን ራሳቸው ብርጭቆ ያቀርቡልኛል።

5. አቀባበር

ቦዩ 60 ሴንቲ ይሁን። መኪና የሚያልፍበት ቦታ 80 ወይም ከዚያ በላይ። ታች ላይ ድንጋይ ካለ ልቀሙት፣ የተነፋ አፈር ወይም አሸዋ አንድ እጅ ያህል አንጥፉ፣ ቧንቧውን አስተኙ፣ በላዩም ያንኑ አልብሱት። ፖሊኢትሊን ብረት አይደለም። ሹል ድንጋይ ከተደገፈበት ዓመት ሙሉ ይጫነውና አንድ ቀን ይከፍተዋል።

ጋሼ ግቢ ውስጥ መኪና መግቢያው ጋ አሸዋ የጫነ ገልባጭ ይገባል። እዚያ ላይ 4 ሜትር ያህል ባለ አንድ ተኩል ኢንች ብረት ቀበርንና ጥቁሩን በውስጡ አሳለፍነው። ያ ብረት ውሃ አይዝም፣ ሸክም ብቻ ነው የሚችለው፣ ስለዚህ አሮጌ ቢሆንም ችግር የለውም።

አሁን ቀስ ብላችሁ አንብቡ፣ አብዛኛው ብልሽት የሚመጣው ከዚህ ነው። ፖሊኢትሊን በሙቀት በጣም ይረዝማል። 40 ሜትር ቧንቧ 10 ዲግሪ ሲሞቅ 7 ወይም 8 ሴንቲ ይጨምራል። ጥቁር ነገር ቀትር ላይ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ከአፈሩ 20 እና 25 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ቀትር ላይ ዘርግታችሁ፣ ልክ በልክ ቆርጣችሁ፣ ሁለቱን ጫፍ ካሰራችሁት ማታ አፈር ውስጥ ሲቀዘቅዝ እስከ 20 ሴንቲ ማጠር ይፈልጋል። ከየት ያመጣዋል? ከፊቲንጉ ውስጥ ይሳባል። ጠዋት ቆጣሪው ጋ ኩሬ ታገኛላችሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቦዩ ውስጥ እባብ እንደሚሄድ እያወላገዳችሁ አስተኙት። 42 ሜትር ካስፈለጋችሁ 44 ሜትር አስገቡ። አንዱን ጫፍ እሰሩ፣ መሃሉን አፈር አልብሱ፣ ሌላውን ጫፍ ሲቀዘቅዝ፣ ማታ ወይም በማግስቱ ጠዋት፣ ቆርጣችሁ እሰሩ።

ሲታሰርም እንዲህ ነው። ጫፉን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ጠርዙን በቢላ ትንሽ ላጡት፣ አለበለዚያ ውስጥ ያለችውን የጎማ ቀለበት ይቆርጣታል። ፊቲንጉ ውስጥ ስንት ሴንቲ መግባት እንዳለበት በመጀመሪያ ከውጭ አስደግፋችሁ ለኩና ቧንቧው ላይ በማርከር ምልክት አድርጉ። ምልክቱ እስኪደርስ ግፉት። ብዙ ልጆች ቀለበቷ ስትይዝ የደረሰ ይመስላቸውና ያቆማሉ፣ ገና አንድ ተኩል ሴንቲ ይቀረዋል። ፕላስቲኩ ነት ላይ ቴፍሎን አይጠመጠምም። ቴፍሎን የሚገባው በሌላኛው ጎን፣ ብረት ጋ የሚገናኘው ጥርስ ላይ ብቻ ነው።

ጥቁሩ የማይሆንበት ቦታም አለ። ግቢያችሁ ውስጥ ጋራዥ ካለ፣ ወይም ናፍጣና ቤንዚን የፈሰሰበት መሬት ከሆነ፣ ሽታው በፖሊኢትሊን ግድግዳ ውስጥ አልፎ ውሃውን ሊያበላሸው ይችላል። ቧንቧው ሳይቀደድ። እንዲያ ካለ መስመሩን በሌላ በኩል አዙሩት።

6. ከመሬት ሲወጣ ብረት

ቆጣሪው ጋና ሮቶው ማማ ሥር ላይ ወደ ብረት ቀየርን። ማማው ላይ የሚወጣው 3 ሜትር ፀሐይ ላይ ነው፣ ልጆች ይንጠለጠሉበታል፣ ፍየል ይታከክበታል፣ ልብስ ይሰጣበታል። ፖሊኢትሊንም ፀሐይን ይችላል፣ ጥቁር ያደረጉትም ለዚያ ነው፣ ግን ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ይረግባል፣ ሲቀዘቅዝ ፊቲንጉን ይጎትታል። ብረት ቆሞ ይቀራል።

ሲገዛ ክብደቱን እዩ። ሶስት አራተኛ ኢንች፣ 6 ሜትር፣ መካከለኛ ክፍል የሆነ ቧንቧ 9 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። መካከለኛ ነው ተብላችሁ ከ8 ኪሎ በታች ከመዘነ ቀላሉን ነው የሰጧችሁ። ጫፉ ላይ ቀለም ካለበት ቡኒው ቀላል፣ ሰማያዊው መካከለኛ፣ ቀዩ ከባድ ነው። ቀለም ግን ማንም ይቀባል፣ ሚዛን አይዋሽም።

ብረቱ ከመሬት የሚወጣባት መስመር፣ አፈርና አየር የሚገናኙባት ጣት የምታህል ቦታ፣ ቀድማ የምትበላ ናት። ከዚያ አንድ ስንዝር ወደ ታች፣ አንድ ስንዝር ወደ ላይ ሬንጅ ቀቡ ወይም የቧንቧ መጠቅለያ ፕላስተር ጠምጥሙ። ጥርስ የወጣበት ቦታ ላይ የሚተርፈውንም ራቁት ብረት ቀለም ቀቡት። 10 ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

7. ፒቪሲስ?

ፒቪሲ መጥፎ አይደለም። ዝገት አያውቅም፣ ውስጡ ልስልስ ነው፣ ግን ለዚህ መስመር ሁለት ነገር አይመቸኝም። በ6 ሜትር ስለሚመጣ መሬት ውስጥ መገናኛ ያበዛል፣ መገናኛውም የሚይዘው ማጣበቂያ ነው፣ በጅማ ካፊያ መሃል እርጥብ ቧንቧ ላይ የተቀባ ማጣበቂያ ደግሞ እንዳማረበት አይቀርም። ሁለተኛ፣ ፀሐይ ላይ ከተተወ ዓመታት ሲያልፉ ይደርቅና እንደ ብስኩት ይሆናል። በጥላ ውስጥ፣ ድጋፍ ባለው ግድግዳ ላይ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ለሚሄድበት ጥሩ ነው።

ካስገባችሁ ሦስት ነገር ጠብቁ። የግፊት ፒቪሲ ይሁን፣ ባር የተጻፈበት። ቀጭኑ የፍሳሽ ማስወገጃው ግፊት አይችልም፣ ርካሽ መሆኑ አያታላችሁ። ካጣበቃችሁ በኋላ 24 ሰዓት ውሃ አትልቀቁበት። ሦስተኛዋን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን አክስቴ ቤት የፒቪሲ ሴት ጥርስ ውስጥ የብረት ኒፕል አስገብቼ፣ እንዳያፈስ ብዬ በፓይፕ ሬንች አንዴ፣ ደግሞ አንዴ አጠበቅኩት። ምንም አላፈሰሰም። ሌሊት ውሃው በኃይል ሲመጣ የፕላስቲኩ ሴት ጥርስ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቆ፣ ጠዋት አክስቴ "ና የሠራኸውን ባሕር እየው" ብላ ደወለችልኝ። ወንዱ ጥርስ ፕላስቲክ፣ ሴቷ ብረት ትሁን። ብረት ወንድ ሆኖ ፕላስቲክ ውስጥ ሲገባ እንደ ሽብልቅ ይፈለቅቀዋል። ቴፍሎን ከበዛም ያው ነው።

ሙቅ ውሃ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ፒቪሲውም ጥቁሩም ከቦይለር ጋር አይገናኙም። ለቤት ውስጥ ሙቅ መስመር በሙቀት የሚበየደውን ፒፒአር ጠይቁ።

8. አሮጌ ብረት ከመንቀላችሁ በፊት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩ

ይህን ማንም አይነግራችሁም። የቆዩ ቤቶች ውስጥ የኤሌክትሪኩ ኧርዝ ሽቦ አንዳንዴ የውሃ ብረት ላይ ነው የታሰረው። ብረቱን አውጥታችሁ ፕላስቲክ ስትቀብሩ ኧርዙን ቆረጣችሁት ማለት ነው። መብራቱ ይበራል፣ ምጣዱ ይሠራል፣ ምንም የተቀየረ አይመስልም። አንድ ቀን ግን የተበላሸ ቦይለር ወይም ማጠቢያ ማሽን ሰው ይይዛል። የጋሼ ቤት ቆጣሪ ጀርባ ላይ እንዲህ ያለች አረንጓዴ ሽቦ አግኝተናል። ሥራውን አቁመን ኤሌክትሪሺያን መጥቶ የራሱን የኧርዝ ዘንግ መሬት ውስጥ ከቀበረ በኋላ ነው ብረቱን የነካነው።

9. ሳትሸፍኑ ፈትኑ

ሁለቱን ጫፍ፣ ቆጣሪው ጋ ያለውንና ማማው ሥር ያለውን፣ አፈር ሳታለብሱ ተዉት። መሃሉ አፈር ለብሷል፣ እሱ መገናኛ የለውም። መጀመሪያ ሮቶው ጋ ያለውን ጫፍ ከፍታችሁ ውሃ ልቀቁ፣ አየሩም ቆሻሻውም ይውጣ። ከዚያ ዝጉና ግፊት ያለበት ሰዓት ላይ፣ ሌሊት ቢሆን ይመረጣል፣ ቆጣሪውን እዩ። ፊቱ ላይ ቁጥሮቹ አጠገብ ትንሽዬ ኮከብ ወይም ሦስት ማዕዘን የምትመስል ተሽከርካሪ አለች። ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ተዘግቶ እሷ ከዞረች የሆነ ቦታ ይፈሳል፣ ቀስ ብላም ብትዞር ይፈሳል። ፊቲንጎቹን በደረቅ ሶፍት ጥረጉና እንደገና እዩ። ጠብታው ሶፍቱ ላይ ይታያል።

የጋሼ ቤት ላይ የመጀመሪያው ሌሊት ኮከቧ ትዞር ነበር፣ በጣም ቀስ ብላ። በባትሪ ስንፈልግ ፈሳሹ እኛ ከሠራነው አልነበረም፣ የቆየው መጸዳጃ ቤት ተንሳፋፊው አልዘጋም ነበር። እሱ ሲዘጋ ቆመች። ግማሽ ሰዓት ቆመን አየናት።

ከዚያ በኋላ ነው ጫፎቹን የሸፈንነው። ከመሸፈናችን በፊት ግን በስልክ ፎቶ አነሳን፣ ቧንቧው ከአጥሩ ስንት ሜትር፣ ከማንጎው ስንት ሜትር እንደሆነ ጋሼ በደብተራቸው ጻፉ፣ በላዩም ከቧንቧው 30 ሴንቲ ከፍ ብሎ የተሰባበረ ጡብ ደረደርን። ጥቁሩ ቧንቧ ዝገትን አይፈራም፣ ዶማን ግን አይችልም። ልጃቸው ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ላይ ቡና ሊተክል አስቧል።